«ልጄ ታማ ቀረች»፤ ስለ አንዲት የአምስት መስመር የእንግሊዝኛ ደብዳቤ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሎስ አንጀለስም ሆነ በለንደን ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ያገራችን ሰዎች በእንግሊዝኛ ከሚጽፏቸው ደብዳቤዎች ሁሉ አጭሩ «ልጄ ታማ ከትምህርት ቤት ቀረች» የሚለው ነው። አጭር ይሁን እንጂ ቀላል አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ የሦስት ገጽ ሪፖርት ሳይቸገር የሚያዘጋጅ አባት እንኳ ይህችን ወረቀት ሲጽፍ ብዕሩን አንሥቶ ይጥላል፤ ጽፎም ይቀዳል፤ ቀድቶም ይቀዳል። ልጅቱ በበኩሏ ደብተሯን ይዛ በር ላይ ቆማ አውቶቡሱ አመለጠኝ እያለች ታለቅሳለች።

የችግሩ ምንጭ ደብዳቤውን ማን እንደሚያነበውና ካነበበው በኋላ ምን እንደሚያደርግበት አለማወቅ ነው። ብዙዎቻችን የምንጽፈው ለዲሬክተሩ ወይም ለክፍሉ አስተማሪ ነው ብለን እናስባለንና በሰላምታ ጀምረን በይቅርታ እንጨርሳለን። ዳሩ ግን ወረቀቱ በመጨረሻ የሚደርሰው የተማሪዎችን መገኘትና መቅረት የምትመዘግብ አንዲት ጸሐፊ ዘንድ ነው። እርሷም በዚያን ዕለት ጧት ብዙ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች አሉባት። የምትፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ የቀረው ማን ነው፣ የቀረው በየትኛው ቀን ነው፣ የቀረው ስለ ምንድር ነው፣ ይህንንስ የሚለው ማን ነው። እነዚህን አራቱን ካገኘች በመዝገቧ ላይ ያለውን ምልክት ትለውጣለች። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ግን ደብዳቤው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ምልክቱ ባለበት ይቈያል።

ይህ ምልክት ቀላል ነገር እንዳይመስል ሕጉን ጥቂት መመልከት ያስፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ልጅን ወደ ትምህርት ቤት መላክ በመላ አገሪቱ ግዴታ የሆነው በ1880 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ልጁን ያለ ምክንያት ያስቀረ ወላጅ በሕግ ይጠየቃል። በ1944ቱ የትምህርት ሕግም ሆነ ዛሬ በሚሠራበት በ1996ቱ ሕግ ወላጁን ከክስ ከሚያድኑት ምክንያቶች አንዱ የልጁ መታመም ነው። ስለዚህ ደብዳቤዋ የአክብሮት መግለጫ ከመሆኗ በፊት የማስረጃ ወረቀት ናት። በዚያው አገር መዝገብ ላይ ሕመም «አይ» በምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል ይመዘገባል። ምክንያቱ ገና ያልታወቀ ሲሆን «ኤን» ይጻፋል፤ አምስት የትምህርት ቀን እስኪሞላም ምክንያቱ ካልታወቀ ይህ ተሰርዞ «ኦ» ይገባል፤ ትርጉሙም ሳይፈቀድለት ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ ወላጁ ምክንያቱን ይነግራል እንጂ ፈቃዱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ መሆኑን ልብ ይሏል።

በአሜሪካን አገር ሕጉ እንደየግዛቱ ይለያያል። በካሊፎርኒያ ለምሳሌ በአንድ የትምህርት ዓመት ሦስት ሙሉ ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ተማሪ በሕጉ «ትሩዋንት» ይባላል፤ ይኸውም ከትምህርት የሚኮበልል እንደ ማለት ነው። ሦስት ቀን አንድ ጉንፋን የሚወስደው ጊዜ ነው! ልጁ በእውነት ታሞ አልጋ ላይ ሰንብቶ፣ እናቱም አጠገቡ ተቀምጣ ስታስታምመው ሰንብታ፣ ወረቀቱ ሳይጻፍ ስለ ቀረ ብቻ በኰብላዮች ስም ዝርዝር ውስጥ ይገባል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የልጅቱን ስም እገሊት፣ የአባቷን እገሌ፣ የእናቷን ደግሞ እንቶኒት እንበል። እገሊት በሜሪላንድ አራተኛ ክፍል ናት። ሰኞ ማርች 3 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ማለት የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ በሦስት ሰዓት ጉሮሮዋን ያማት ጀመር። ትኩሳቷ ሲለካ 39 ዲግሪ ሆነ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ተኛች። ረቡዕ ጧት በ12 ሰዓት ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ለቀቃትና ተነሥታ ቁርስ ጠየቀች። ሆኖም ያን ዕለት ከቤት ዋለች። ሐሙስ ማርች 6 ቀን ተመለሰች።

እናት ወይዘሮ እንቶኒት ሐሙስ ጧት እንዲህ ብለው ጻፉ እንበል፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው፤ «ለተከበሩት ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር። ጉዳዩ፦ ፈቃድ ስለ መጠየቅ። ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ልጄ ቶንሲል ስላላት ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በ39 ዲግሪ ትኩሳት ተሠቃይታ ስለ ነበር በ4/3 መምጣት ስላልቻለች በትሕትና ይቅርታ እንዲደረግላት እለምናለሁ።» በሕዝብ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ያለን ሰዎች ይህን ደብዳቤ ብናየው ጕድለት አናገኝበትም፤ የመዝገብ ቍጥርና ግልባጭ ብቻ ነው የቀረው። በዚያች ጸሐፊ ዓይን ግን በጥቂት መስመር ውስጥ አምስት ጥያቄ ያስነሣል።

ከቀኑ እንጀምር። 4/3 ማለት በለንደንም በአዲስ አበባም ቀኑን አስቀድሞ ወሩን ማስከተል ነውና በሦስተኛው ወር አራተኛው ቀን ይሆናል። አሜሪካኖች ግን ወሩን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ ጸሐፊዋ ኤፕሪል 3 ብላ ታነበዋለች፤ ያውም ገና ያልደረሰ ቀን ነው። በዚህ ላይ የኛ አገር ወር ከገባበት ጭራሽ ሌላ ነገር ይሆናል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ፣ የሳምንቱንም ቀን መጨመር። «ቱስዴይ፣ ማርች 4» ተብሎ የተጻፈ ቀን የትም አገር ቢነበብ አያሳስትም። ከዚህም ሌላ እገሊት የቀረችው ሁለት ቀን ሆኖ ሳለ የተጻፈው አንድ ቀን ነው። ረቡዕ በደብዳቤው ካልተጠቀሰ ረቡዕ በመዝገቡ ላይ ያለ ምክንያት ሆኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ዘጠኝ ሰዓት የሚለው ቍጥር ከየት መጣ ቢሉ፣ የኛ የምሽት ሦስት ሰዓት በፈረንጆቹ ዘጠኝ ስለሆነ ነው። ወይዘሮ እንቶኒት በዚህስ አልተሳሳቱም። ነገር ግን የጧት ይሁን የማታ አልገለጹም። ብዙ እናቶች ደግሞ ሳይለውጡ «ሦስት ሰዓት» ብለው ይጽፉታል፤ ያን ጊዜ ጸሐፊዋ ከቀትር በኋላ ትምህርት ገና ሳያልቅ የጀመረ ትኩሳት አድርጋ ትረዳለች፤ ልጅቱ ግን በዚያ ሰዓት በክፍሏ ተቀምጣ ነበር። እንደኔ አስተያየት ከሆነ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ከናካቴው መተው ይሻላል፤ ማንም አልጠየቀም።

ሦስተኛው ዲግሪው ነው። አሜሪካኖች ሙቀት የሚለኩት በፋሬንሃይት ነው። በዚህ አለካክ 39 ዲግሪ ውሃ ሊረጋ ጥቂት የቀረው ቅዝቃዜ ነው። የእገሊት ትኩሳት በነርሱ ቋንቋ 102 ዲግሪ ከትንሽ ሽርፍራፊ ጋር ይሆናል። በሕክምና ትኩሳት ተብሎ የሚቈጠረው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ሲሆን፣ በፋሬንሃይት 100.4 ማለት ነው። ቍጥሩን መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ «ፊቨር» የሚለው ቃል ይበቃል። ከተጻፈ ግን በአገሬው መለኪያ ይጻፍ።

ወደ ቶንሲሉ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ሳንስቅ አናልፍም። በአገራችን «ቶንሲል አመመኝ»፣ ሲያጥርም «ቶንሲል አለብኝ» ማለት የተለመደ ነው። ይህን በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ብናዞረው «ሺ ሃዝ ቶንሲልስ» ይሆናል። ቶንሲል ግን በጕሮሮ ግራና ቀኝ ያለ፣ ሰው ሁሉ ይዞት የሚወለድ የሰውነት ክፍል ነው። ልጄ አፍንጫ ስላላት ቀረች እንደ ማለት ይቈጠራል። ትክክለኛው ቃል «ሶር ትሮት» ነው፤ የቈሰለ ወይም የሚያም ጕሮሮ ማለት ነው። «ጨጓራ» የምንለውም እንዲሁ ነው፤ «ሺ ሃዝ ጋስትሪክ» ብሎ የሚጽፍ አለ። «ስቶማክ ፔይን» ቢል ማንም ይረዳዋል። «ብርድ መታት» የሚለውን ቃል በቃል የገለበጠ ሰው ደግሞ ሰምቼ አላውቅም እንጂ አይጠፋም። ጉንፋን «ኤ ኮልድ» ነው። ያቺ ከፊት ያለችው «ኤ» ታናሽ ብትመስልም ከባድ ናት፤ እርሷ ከተነሣች ልጅቱ በረዳት እንጂ ጉንፋን ያዛት አይባልም።

ምች ለብቻው ይታይ። ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢፈልጉት የሚስተካከለው አይገኝም፤ ፀሐይ መታኝ ብሎ ዳማከሴ መጨመቅ እዚያ አገር የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የበሽታውን ስም ትቶ የታየውን መጻፍ ነው፤ ትኩሳት ከነበረ ትኩሳት፣ ራስ ምታት ከነበረ ራስ ምታት። ጸሐፊዋ ሐኪም አይደለችም፤ ከወላጅም የሐኪም ቃል አትጠብቅም።

የበሽታ ስም በግምት መጻፍ አደጋ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ሽፍ ያለበትን ልጅ ሁሉ ኩፍኝ ያዘው የሚል ሰው አይጠፋም። ኩፍኝ በእንግሊዝኛ «ሚዝልስ» ነው። ይህ ቃል በደብዳቤ ከተጻፈ ትምህርት ቤቱ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ለጤና ጥበቃ ባለሥልጣኖች ይነገራል፤ በሽታው መሆኑ ከተረጋገጠም አብረውት የነበሩና ክትባቱን ያልወሰዱ ልጆች እስከ 21 ቀን ከቤት እንዲቈዩ ሊታዘዝ ይችላል። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የሚያወጣው፣ «ችክን ፖክስ» የሚባለው፣ ሌላ በሽታ ነው። እርሱ የያዘው ልጅ ቍስሎቹ ሁሉ ቅርፊት እስኪይዙ ከቤት ይቈያል፤ ብዙውን ጊዜም አምስት ቀን ያህል ይፈጃል። ሐኪም ሳያይ «ሽፍታ ወጣበት» ብሎ መጻፍ ማንንም አያስደነግጥም፤ እውነትም ነው።

አንድ ቃል ደግሞ ባሕር ሲሻገር ትርጉሙን ይለውጣል። «ሺ ዋዝ ሲክ» በአሜሪካ ታማ ነበር ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ይኸው ቃል ብዙ ጊዜ አስታወካት ማለት ይሆናል፤ ለመታመም የሚሉት «ኢል» ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ያስታወከው ወይም ያስቀመጠው ልጅ ከመጨረሻው ጊዜ ጀምሮ 48 ሰዓት ሳይሞላው ወደ ክፍል እንዳይገባ የጤና ባለሥልጣኖች ይመክራሉ። ስለዚህ በለንደን ለአንድ ቀን ራሱን ላመመው ልጅ «ሲክ» ነበር ብላ የጻፈች እናት፣ ልጇን በማግሥቱ ብትልከው ለምን አመጣሽው ተብላ ልትጠየቅ ትችላለች።

ከዚህ ላይ የረቡዕን ነገር ማንሣት ይገባል። እገሊት ረቡዕ ጧት ደኅና ነበረች፤ ታዲያ ለምን ቀረች? ትኩሳት የነበረበት ሰው ትኩሳቱን የሚያበርድ መድኃኒት ሳይወስድ 24 ሰዓት እስኪያልፈው፣ ሕመሙም እስኪሻለው ድረስ ከሰው እንዳይቀላቀል የአሜሪካን የጤና መሥሪያ ቤት ይመክራል። ትኩሳቱ የለቀቃት ረቡዕ ጧት በ12 ሰዓት ስለሆነ፣ 24 ሰዓቱ የሚሞላው ሐሙስ ጧት በ12 ሰዓት ነው። እናቷ ረቡዕን ማስቀረታቸው ትክክል ነበር። ጎረቤት ልጅቱን ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ስትስቅ ቢያያት ነገሩ ሐሰት አይሆንም። ነገር ግን ልጅቱ ረቡዕ ዕለትም ታማ ነበር ተብሎ እንዳይጻፍ፣ እንደ ሆነው መጻፍ ይሻላል።

ስሙስ? ይህ ከሁሉ ይልቅ ያገራችንን ሰው የሚያስቸግር ነው። ፈረንጆቹ ዘንድ እናትና ልጅ ባንድ የቤተ ሰብ ስም መጠራታቸው የተለመደ ነው። እኛ ዘንድ ልጅቱ እገሊት እገሌ ናት፤ እናቷ ደግሞ በራሳቸው አባት ስም ይጠራሉ። ጸሐፊዋ የልጅቱን ስም በአንድ በኩል፣ የፈራሚዋን ስም በሌላ በኩል ስታይ የሚያገናኛቸው ነገር ታጣለች። አንዳንድ ጊዜም ልጅቱ ስትመዘገብ የመጨረሻ ስሟ ተብሎ የተያዘው የአያቷ ስም ይሆናል፤ ያን ጊዜ «እገሊት እገሌ» የምትባል ተማሪ በመዝገቡ ተፈልጋ አትገኝም። ስለዚህ የልጅቱ ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ እንደ ተጻፈው፣ በዚያው ፊደል አጻጻፍ፣ ከክፍሏ ጋር ይጻፍ። ከፊርማውም በታች «ማዘር ኦቭ እገሊት እገሌ» ተብሎ፣ የስልክ ቍጥርም ታክሎ ቢሰፍር ነገሩ ያልቃል።

እንግዲህ የወይዘሮ እንቶኒት ደብዳቤ እንደ ገና ሲጻፍ ይህን ይመስላል። እንግሊዝኛውን በኛ ፊደል ላስፍረው፤

«ማርች 6፣ 2025። ዲር አቴንዳንስ ኦፊስ፣ ማይ ዶተር፣ እገሊት እገሌ፣ ግሬድ 4፣ ዋዝ አብሰንት ኦን ቱስዴይ፣ ማርች 4፣ ኤንድ ዌንስዴይ፣ ማርች 5። ሺ ሃድ ኤ ፊቨር ኤንድ ኤ ሶር ትሮት። ዘ ፊቨር ኤንድድ ዌንስዴይ ሞርኒንግ፣ ኤንድ አይ ኬፕት ኸር ሆም ፎር 24 አወርስ። ፕሊዝ ኤክስኪዩዝ ኸር አብሰንስ። ሲንሲየርሊ፣ እንቶኒት፣ ማዘር ኦቭ እገሊት እገሌ።»

በአማርኛ «ልጄ እገሊት እገሌ፣ የአራተኛ ክፍል ተማሪ፣ ማክሰኞ ማርች 4 እና ረቡዕ ማርች 5 አልመጣችም። ትኩሳትና የጕሮሮ ሕመም ነበረባት። ትኩሳቱ ረቡዕ ጧት ለቀቃትና 24 ሰዓት በቤት አቈየኋት። መቅረቷን እንደ በቂ ምክንያት ይቀበሉልኝ» ማለት ነው። ግሦቹ ሁሉ ያለፈ ጊዜ መሆናቸውን አንባቢ ይመልከት። «ሺ ሃዝ ኤ ፊቨር» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ትኩሳቱ ዛሬም አለባት ማለት ይሆንና፣ ደብዳቤውን ይዛ የመጣችው ልጅ ከበሩ ወደ ነርሷ ክፍል ትወሰድ ነበር። «ኤክስኪዩዝ» የሚለውም ቃል እኛ እንደምናስበው ይቅርታ መለመኛ አይደለም፤ መቅረቷን በተፈቀደው ወገን መዝግቡልኝ ማለት ነው። ለታመመ ልጅ ማንም ምሕረት አይለምንም።

ዛሬ ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን መልእክት በስልክ ወይም በኢንተርኔት ይቀበላሉ። በሜሪላንድ የሞንትጎመሪ አውራጃ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ። መንገዱ ቢለወጥም ጸሐፊዋ የምትፈልጋቸው አራቱ ነገሮች አልተለወጡም።

ደብዳቤውን ወላጅ ሳይሆን ራሱ ተማሪው ሲጽፈውስ? በዚህ ነገር ከአየርላንዳዊው ደራሲ ከፍራንክ ማኮርት የተሻለ ምስክር አይገኝም። ማኮርት በ1958 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ፣ ስታተን አይላንድ በሚገኝ አንድ የሙያ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ቲቸር ማን» በተባለው መጽሐፉ እንደሚያወጋው፣ ተማሪዎቹ ከወላጆቻችን ነው እያሉ ያመጡለት የነበረው ደብዳቤ አብዛኛው የራሳቸው ድርሰት ነበር። በመሳቢያው ውስጥ የተከማቹትን ሲያገላብጥ፣ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ቃል የሚያጥራቸው ልጆች በእናታቸው ስም ሲጽፉ ባለ ብዙ ምናብ ሆነው አገኛቸው። እርሱም አልቈጣም። ይልቁንም አዳም ወይም ሔዋን ለእግዚአብሔር የሚልኩትን የምክንያት ደብዳቤ እንዲጽፉ አዘዛቸው፤ ክፍሉም በሙሉ ጸጥ ብሎ ጻፈ።

ከዚህ ታሪክ አስመሳይ ደብዳቤ በምን እንደሚታወቅ መገመት አይከብድም። የእውነተኛ እናት ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ቸኩላ ነው የምትጽፈው። ምክንያቱ ሲበዛ፣ ጉንፋኑ ላይ የአያት መታመምና የአውቶቡስ መበላሸት ሲደራረብ፣ ማንበቢያው መነጽር ከግንባር ላይ ወደ ዓይን ይወርዳል። ስለዚህ ያገራችን ወላጅ ሁሉን ለማስረዳት ብሎ የሚያስረዝመው ደብዳቤ፣ እውነት ሆኖ ሳለ የሐሰቱን መልክ ይይዛል።

ደብዳቤዋ የማትችለው ነገርም አለ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከትምህርት ቀኖች አሥር በመቶ ያህል የቀረ ተማሪ፣ ምክንያቱ የተፈቀደም ይሁን ያልተፈቀደ፣ «አዘውትሮ የሚቀር» ተብሎ ይቈጠራል። የትምህርቱ ዓመት 180 ቀን ከሆነ ይህ 18 ቀን ነው፤ በወር ሁለት ቀን ማለት ነው። ያን ጊዜ የእናት ወረቀት ብቻዋን አትበቃም፤ ትምህርት ቤቱ የሐኪም ወረቀት ሊጠይቅ፣ ወላጁንም ሊያነጋግር ይችላል። አስም ያለበት ወይም ሌላ የቈየ ሕመም ያለበት ልጅ ወላጅ ቀኑ እስኪከማች ሳይጠብቅ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ከሐኪሙ አንድ ወረቀት አጽፎ ለትምህርት ቤቱ ነርስ ቢሰጥ፣ በኋላ ልጁ በቀረ ቍጥር ነገሩን ከመነሻው ማስረዳት አያስፈልገውም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ መቅረቱ በመዝገብ ከተፈቀደ የሚገኘው ጥቅም ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ታሞ የቀረ ተማሪ ያመለጠውን የቤት ሥራና ፈተና በተመጣጣኝ ጊዜ እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ሠርቶ ካስረከበም ሙሉ ማርኩን ያገኛል። የእገሊት እናት ከፊርማቸው በላይ «ፕሊዝ ሴንድ ኸር ሚስድ ዎርክ ሆም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ፣ ልጅቱ ማክሰኞና ረቡዕ ያመለጣትን የሒሳብ ወረቀት ሐሙስ ማታ ይዛ ትገባለች።